ተሳቢውን የሳትኩ ቀን

በዋሻ ሚካኤል ቅኔ ቤት አማርኛ የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር። የኔታ ባይህ አንዲት አጭር የግዕዝ መስመር ይጥሉና ዐይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ተማሪው ዘሎ አማርኛው ውስጥ የገባ እንደሆነ መቋሚያቸው መሬቱን ትመታለች። ቤቱ ከተተከለ ጀምሮ ከዚያ መቋሚያ ያመለጠ ጀማሪ አልነበረም።

«ብእሴ ርእየ ንጉሥ» አሉ አንድ ጠዋት፣ ከአቸፈር መጥቶ ገና ሦስተኛ ቀኑን ለያዘ ጎረምሳ።

«ሰውዬው ንጉሡን አየ፣ የኔታ!» አለ ጎረምሳው በደስታ።

መቋሚያዋ መሬቱን መታች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አማርኛ ማን ጠየቀህ? አማርኛው የትም አይሄድብህ። መጀመሪያ የቃሉን ጫፍ ንገረኝ። ሰው በግዕዝ ማን ይባላል?»

«ብእሲ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ብእ... ብእሴ።»

«ታዲያ ‹ሲ› የነበረው ‹ሴ› የሆነው ብርድ መትቶት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ አብሮ ሳቀ።

«ግሱ ስቦት ነው፣ ልጄ። ተሳቢ ነው። ንጉሥስ?»

«ንጉሥማ እንዳለ ነው።»

«ቢሳብ ኖሮ?»

«ንጉሠ ይል ነበር።»

«እንግዲያ ማን ማንን አየ?»

«ንጉሥ... ሰውን አየ።»

«ጎሽ! አሁን አማርኛህን ብላ። አየህ፣ አማርኛ ‹ን› ብላ ለሰነፍም ትጮኽለታለች፤ ግዕዝ ግን በቃሏ ጫፍ ላይ ነው የምታንሾካሹከው። ቀድሞ የመጣ ሁሉ ባለቤት አይምሰልህ። ሠርግ ቤትም ቢሆን ቀድሞ የሚደርሰው ጠሪው ሳይሆን የራበው ነው።»

ምኒችል በበሩ በኩል ተቀምጦ ይህን ይሰማ ነበር። ሰባት ዓመቱ ነው እዚህ ቤት። አስነጋሪ ሆኗል፤ ጀማሪዎቹን ከየኔታ በፊት እሱ ነው የሚያቃናቸው። ከመጣበት ዓመት ጀምሮ ይህን የ«ብርድ መትቶት ነው» ቀልድ ስንት ጊዜ እንደ ሰማው ቆጥሮ አይጨርሰውም፤ ሆኖም ሁልጊዜ ይስቃል። የሚስቀው ለቀልዱ አልነበረም። የኔታን ስለሚወድ ነው። አባቱን አያውቅም፤ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ጥሎት በቁሙ ሲቃዥ በገዛ እጃቸው አጥሚት እያጠጡ ያዳኑት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ሚስት ሞታባቸዋለች፣ ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ ቢሉ አንዲት እህት አለቻቸው። ያላቸው ይህ ቤትና ይህ ወንበር ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጽዱ ሥር ቁጭ ብለው፣ የኔታ ድንገት እንዲህ አሉት።

«ምኒችል፣ የኔ መምህር እንዴት እንደ ሞቱ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«አልነገሩኝም፣ የኔታ።»

«ሊቅ ነበሩ። አባይን ተሻግሮ የሚመጣ ተማሪ ነበራቸው። እርጅና መጣና ቃሉ ከእጃቸው ይወድቅ ጀመር። ባለቤቱን ይስቡታል፣ ተሳቢውን ባለቤት ያደርጉታል። እሳቸው አያውቁትም። እኛ ምን አደረግን መሰለህ?»

ምኒችል ቀና ብሎ አያቸው።

«ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሳቅሁ። አንድ ሰው እንኳ እጃቸውን ይዞ ‹አባቴ፣ ይብቃዎት› አላላቸውም። ሲሞቱ የተማሪ መጫወቻ ሆነው ነው የሞቱት። እኔ ሞትን አልፈራም። እንደዚያ መሞትን ግን እፈራለሁ። ተሳቢውን የሳትኩ ቀን፣ ከሰው ሁሉ በፊት አንተ ንገረኝ። አእምሮዬ ሳለ ወንበሩን በእጄ ላስረክብና እህቴ ዘንድ ሄጄ ዳዊቴን እየደገምኩ ልሙት። ማልልኝ።»

«የኔታ፣ እርስዎማ—»

«ማልልኝ አልኩህ!»

«ሚካኤልን!» አለ ምኒችል። ሲምል ምንም አልከበደው። ያ ቀን የሚመጣ አልመሰለውማ።

ቀኑ የመጣው በሐምሌ ነው። ዝናቡ ጎጆውን እየደበደበ ሃያ አንድ ተማሪ ተፋፍጎ ተቀምጦ ሳለ የኔታ እንደ ወትሮው ዐይናቸውን ጨፍነው መስመር ጣሉ፦

«ጸውዐ መምህር ረድእ።»

ጀማሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላ ስማቸው የሚባለው የከተማ ልጅ፣ ጆሮው እንደ ድመት የነቃው፣ ቀና አለ። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ጠራ ለማለት «ረድአ» መባል ነበረበት፤ ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ጠራ ለማለት ደግሞ «መምህረ»። ሁለቱም ቃላት ግን እንዳሉ ቁጭ ብለዋል። ሁለት ባለቤት፣ ተሳቢ የለም፤ ጠሪ በዝቶ ተጠሪ ጠፍቷል።

የኔታ ዐይናቸውን ገለጡና ፊቶቹን አዩ። ግራ የመጋባት ጥላ በሽማግሌው ፊት ላይ ሲያልፍ ምኒችል አየ። ያን ጥላ ዐይቶ መቀመጥ አልቻለም።

«የኔታ ሊፈትኑን ነው!» አለ ጮኽ ብሎ። «ተሳቢ አጥፍተው ነው የጣሉልን፤ እናንተ እኮ ታንቀላፋላችሁ!»

የኔታ ለአፍታ አተኩረው አዩት። ከዚያ ደረታቸው ሲረግብ ይታወቅ ነበር። «ጎሽ!» አሉ፤ «አንድ የነቃ አለ።» መቋሚያቸውንም ሳቅ እያሉ መሬት ላይ መቱ።

ምኒችል በዚያ ቀን እራቱን አልበላም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ሲመጣ የኔታ ደህና ሆነው ዋሉ፤ እንዲያውም «ቤተ ንጉሥ»ን ተሳቢ ነው ያለውን ተማሪ «ግሱ የት አለና ማን ሳበው? ጫፉ ተሳቢ ቢመስልም ይህ ዘርፍ ነው፣ የንጉሥ ቤት ማለት ነው፤ በአንድ በር ሁለት እንግዳ ይገባል» ብለው ወርቅ አድርገው አስረዱት። ምኒችልም ‹አንድ ቀን ነው፤ ድካም ነው› ብሎ ልቡን አሞኘ። ሰው የሚወደውን ሰው ሕመም የሚያይበት ዐይን ሰነፍ ነው።

ነሐሴ ላይ ሁለት ጊዜ ሆነ። መስከረም ላይ በየሳምንቱ። ምኒችል ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፦ ፈተና ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አመኑት፤ በኋላ ያመኑ መሰሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን «ፈተና ነው» የሚለው ቃል በየጎጆው መቀለጃ ሆነ። አንዱ ሽሮ ሲያሳርር «ፈተና ነው!» ይባላል። ሌላው ቁራሽ ለመለመን ወጥቶ ውሻ አሯሩጦት ሲመለስ «ፈተና ነው!»

«አያ ምኒችል» አለው ስማቸው አንድ ቀን፣ ወንዝ ውስጥ ነጠላ ሲያጥቡ፤ «እስከ መቼ ነው የምንፈተነው?»

«አፍህን ያዝ።»

«እኔ አፌን ብይዝ የእሳቸውን ማን ይይዛል? ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?»

«አንተ ምን ይገባሃል! ትናንት መጥተህ!»

ስማቸው ትከሻውን ሰብቆ ነጠላውን ጨመቀ። ምኒችል የራሱን ነጠላ ድንጋይ ላይ ደበደበ። የከተማው ልጅ የተናገረው እውነት ስለሆነ ነው የተናደደው።

ታኅሣሥ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ምኒችል የኔታን ደግፎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ ከግንቡ ጀርባ የተማሪዎች ሳቅ ሰማ። ተማሪዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ስማቸውን ከበውታል። ስማቸው ስልክ ይዟል፤ ቅኔ ቤት ስልክ ክልክል ነው፣ ግን ክልክል የሆነ ነገር ሁሉ የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው። ከስልኩ የተቀዳ የሽማግሌ ድምፅ ይወጣል፦

«ርእየ ዮሐንስሃ ጴጥሮስሃ... በሉ፣ ማን ማንን አየ?»

«ሁለቱም ተስበው ሄዱ፤ የሚያይ ጠፋ!» አለ አንዱ፤ «ፈተና ነው! ፈተና ነው!» ብለው መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ምኒችል ሽማግሌውን ወደ ሌላ መንገድ ሊያዞራቸው ክንዳቸውን ሳበ። አልተሳቡለትም። የኔታ በግንቡ ዞሩና ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ስማቸው ስልኩን ሊያጠፋ እየሞከረ ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ ድምፁ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ተወው» አሉ የኔታ እጃቸውን አንሥተው። «ልስማው።»

ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪ እንደሚያደምጡት አድርገው አደመጡ። ሲያልቅ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ይህ መምህር የየት አገር ሰው ነው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምተናል፤ የገዛ ድምፁ ለገዛ ጆሮው ባዳ ሲሆን ያዩት ግን እነዚያ ልጆች ናቸው።

«ምስኪን» አሉ የኔታ። «‹ሃ› የምትጨመረው ለሚታየው ሰው ስም ነው እንጂ ለሚያየው ነው እንዴ? ዮሐንስ ካየ ዮሐንስ ብቻ ነው፤ የታየው ጴጥሮስ ነው ጴጥሮስሃ የሚባለው። ይህን ጀማሪ ያውቀዋል። ሰውዬው ደክሞታል። አንድ እውነተኛ ደቀ መዝሙር የለውም ወይ? እጁን ይዞ ‹አባቴ፣ ይብቃዎት› የሚለው አንድ ሰው የለውም? አትሳቁበት፣ ልጆቼ። እኔም እንዲህ ስቄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።»

ስማቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስልኩን ነጠላው ውስጥ ወሽቆ እግራቸው ላይ ተደፋ። የኔታ ለምን እንደሚያለቅስ ስላልገባቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉትና «አይዞህ፣ ለመምህሩ አዝነህ ነው፤ ልብ አለህ» አሉት።

ምኒችል ወደ ጎጆው አስገባቸው፤ መደባቸው ላይ አስቀመጣቸው። በሩን ዘጋ።

«የኔታ፣ ያ መምህር እርስዎ ነዎት።»

«ምን አልክ?»

«ድምፁ የእርስዎ ነው። ተሳቢውን ይስታሉ። ከሐምሌ ጀምሮ። እኔ ነኝ ‹ፈተና ነው› እያልኩ የሸፈንኩት።»

የኔታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን እያጠፉ ወሩን ቆጠሩ፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።

«አምስት ወር ሳቁብኝ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«አንተ እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«ምለህልኝ አልነበር?»

«ፈራሁ። ወንበሩን ካጡ የሚሞቱብኝ መሰለኝ።»

«እኔ የምሞተውን ሞት እኔ መርጬ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። «የነገርኩህ አንተን ነው። ሌላ ማንን ላምን?»

ምኒችል መሬቱ ላይ ተደፍቶ እግራቸውን አቅፎ አለቀሰ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የኔታ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «ዘገየህ እንጂ ነገርከኝ» አሉት። «ነገ ልጆቹን ሰብስባቸው። ወንበሩን አንተ ትይዛለህ፤ በአፌ እመርቅሃለሁ። ስልቻዬን አዘጋጅ፤ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ምኒችል ዳዊቱን፣ ሁለቱን ነጠላ፣ ትንሿን መስቀል በስልቻ ከተተ። ልቡ ተሰብሯል፤ ቢሆንም የሆነ ነገር ቀሎታል። ከነውርደቱም ቢሆን ቃሉን አድርሷል።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ተሰበሰቡ። የኔታ ቀድመው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የበራ ነበር።

«ምነው ዛሬ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?» አሉ እየሳቁ። በሩ አጠገብ ያለውን ስልቻ አዩ። «የማን ስልቻ ነው? ማን ሊሄድብን ነው?»

ምኒችል መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ዐይናቸውን ሲያይ ግን ገባው። ትናንት ከአእምሯቸው ወጥቷል፤ ሳቁም፣ ስልኩም፣ እንባውም። ተማሪዎቹን አስወጥቶ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ እንደገና ነገራቸው። እንደገና ጣቶቻቸውን አጥፈው ቆጠሩ። እንደገና «አንተ እያወቅህ?» አሉት። እንባቸው እንደገና በዚያው መንገድ ወረደ፤ ለእሳቸው የመጀመሪያው ነበርና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በየኔታ ቤት የሚጠራው ንጋቱ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነገራቸው፤ በአራተኛውም ነገራቸው። በየቀኑ ልባቸው አዲስ ሆኖ ይሰበራል፣ በየቀኑ ለነገ ጉዞ ስልቻው ይታሰራል፣ ሌሊቱ ያልፍና የኔታ ወንበራቸው ላይ ይገኛሉ። ሐምሌ ላይ ቢነግራቸው ኖሮ አእምሯቸው ይይዘው ነበር፤ ይህን ምኒችል ያውቃል። ሐምሌ ላይ አንድ ጊዜ አልቅሰው፣ መርቀው፣ ቀና ብለው ይሄዱ ነበር። አሁን የሚያስረክብ የለም፤ ማስረከባቸውን የሚያስታውስ አእምሮ ሳይኖር ማን ወንበር ይቀበላል?

ተማሪዎቹ ማየት አልቻሉም። ሁለት ሦስት እየሆኑ የየኔታን ጉልበት እየሳሙ ወደ ማዶው ቅኔ ቤት ተሻገሩ። ስማቸው መጨረሻ ሄደ። በር ላይ ቆሞ «አያ ምኒችል፣ ይቅር በለኝ» አለው። ምኒችል «ከኔ የከፋ በደል የለህም» ብሎ ሸኘው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የኔታ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩት። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነበር።

«ምኒችል፣ አንድ ነገር ምለህልኛል፤ ትዝ ይልሃል? ጽዱ ሥር።»

«ትዝ ይለኛል፣ የኔታ።»

«ተሳቢውን የሳትኩ ቀን ትነግረኛለህ።»

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልነገርከኝም።» ፊቱን በጉጉት አዩት። «እንግዲያ ደህና ነኝ ማለት ነው?»

ምኒችል አፉን ከፈተ። ትናንት የወረደው እንባ ታየው፤ ከትናንት በስቲያ የወረደውም ታየው። ዛሬም ሊያወርደው፣ ነገም ሊያወርደው ነው። ጉልበት አጣ።

«ደህና ነዎት፣ የኔታ» አለ። «አልሳቱም።»

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አንተ አትዋሸኝም። እግዚአብሔር ወንበርህን ያጽናልህ፤ እንዳንተ ያለ የታመነ ደቀ መዝሙር ይስጥህ።»

ሰባት ዓመት የጠበቀው ምርቃት ይህ ነበር። ምኒችል ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» አለ።

«በል፣ ፀሐይ ወጥቷል። ልጆቹን ጥራልኝ፤ ትምህርት እንጀምር።»

ወጣ። በባዶዎቹ ጎጆዎች መካከል ቆመ። አመዱ ቀዝቅዟል፤ አንዱ ከፍቶት የሄደውን በር ነፋሱ ያንገጫግጨዋል። ፊቱን በነጠላው ጠረገ። ተመልሶ ገባና ወንበሩ ፊት፣ ጀማሪዎች በሚቀመጡበት ቦታ፣ ብቻውን ቁጭ አለ።

«መጡ?» አሉ የኔታ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው።

«መጥተናል፣ የኔታ» አለ ምኒችል።